የብሉ ኖት ሸክላን ዕድሜ ሲለዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሊ ሞርጋን «ዘ ሳይድዋይንደር» አልበም በ1964 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርኩ የጃዝ ሸክላ አሳታሚ ብሉ ኖት ወጣ። ዛሬ ገበያ ላይ «ኦሪጅናል» ተብለው ከሚቀርቡት ቅጂዎች አንዳንዶቹ ግን ከዚያ በኋላ የታተሙ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት በሸክላው መሃል ያለውን ክብ ወረቀት በቀለሙ ብቻ መመዘን ነው። የብሉ ኖት ወረቀት ለብዙ ዓመታት ሰማያዊና ነጭ ስለነበር፣ ሊበርቲ የተባለው ኩባንያ በ1965 ድርጅቱን ከገዛው በኋላም በዚያው ቀለም ሸክላ ወጥቷል። ስለዚህ ሊነበብ የሚገባው በወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው፤ የምዕራብ 63ኛ መንገድ አድራሻ ከሆነ ወረቀቱ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1962 ገደማ ያለ ነው፣ «ኒው ዮርክ ዩኤስኤ» ብቻ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የካታሎግ ቁጥሩን እንደ ዓመተ ምሕረት መቁጠር ነው። በ«ዘ ሳይድዋይንደር» ቢኤልፒ 4157 የሞኖው፣ ቢኤስቲ 84157 ደግሞ የስቴሪዮው ቁጥር ነው። ቁጥሩ የአልበሙ መጠሪያ እንጂ የኅትመቱ ስላልሆነ፣ ሸክላው እንደገና ሲታተም ያንኑ ይዞ ይወጣል። ቁጥሩንም ከሽፋኑ ላይ ሳይሆን ከሸክላው ላይ ያንብቡ፤ ሽፋን ከሌላ ቅጂ ሊመጣ ይችላልና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሙዚቃው ካለቀ በኋላ መርፌው የሚሽከረከርበትን ለስላሳ ቦታ ሲመረምር ነው። እዚያ «ቫን ጌልደር» የሚል ማኅተም ሲያይ ጉዳዩን ዘግቶ ይነሣል። የድምፅ መሐንዲሱ ሩዲ ቫን ጌልደር ማኅተሙን የሚያኖረው የመጀመሪያውን ዲስክ ሲቀርጽ ስለነበር፣ ከዚያ የተወሰደው የብረት ቅርጽ ሁሉ ይዞት ይሄዳል፤ ስለዚህ በሊበርቲ ዘመን በታተሙ ቅጂዎችም ላይ አለ። ማኅተሙ ማን እንደ ቀረጸው ይናገራል፣ የት እንደ ታተመ ግን አይናገርም።

የማተሚያውን ቦታ የሚናገረው ሌላ ምልክት ነው፦ ሰብሳቢዎች «ጆሮ» የሚሉት፣ በእጅ ጽሑፍ የተጠማዘዘ የ«ፒ» ፊደል። እስከ 1966 ድረስ ሸክላውን ያትም የነበረው የፕላስቲላይት ፋብሪካ ምልክት ነው። በጣም ትንሽ ስለሆነ ከላይ በሚወርድ ብርሃን አይታይም፤ ሸክላውን ዘንበል አድርጎ ከጎን መብራት እያበሩ፣ ቀስ እያሉ ማዞር ያስፈልጋል።

እንግዲህ «ኒው ዮርክ ዩኤስኤ» የሚል ወረቀትና የቫን ጌልደር ማኅተም ያለው፣ ነገር ግን በሁለቱም ገጽ ጆሮ የሌለው 4157 እጅዎ ቢገባ፣ ሊበርቲ የቀድሞውን የተረፈ ወረቀት ለጥፎ ያሳተመው ነው ማለት ነው። እኔም በዚህ ዓይነቱ ቅጂ የዋናውን ዋጋ ከፍዬ አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ያየሁት ወረቀቱን ብቻ ነበር።

ጆሮውም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። የጆን ኮልትሬን «ብሉ ትሬን»፣ ማለትም ቢኤልፒ 1577፣ ጆሮ ኖሮት ወረቀቱ «ኒው ዮርክ ዩኤስኤ» ቢል፣ ከ1962 ወዲህ በዚያው ፋብሪካ በድጋሚ የታተመ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።