ማታ ማታ የሚጠፋው ኮምፒውተሬ

ማታ ጌም ስጫወት ኮምፒውተሬ ድንገት ሪስታርት ያደርግ ነበር። ጎኑ ያለው ኮንሶል ግን ምንም አይሆንም። ሁለቱም ሰርጅ ፕሮቴክተር ባለው ማከፋፈያ ላይ ስለተሰኩ መብራቱን አልጠረጠርኩም።

ሶኬቱን በመልቲሜትር ስለካው 220 መሆን የነበረበት 165 ቮልት ሆኗል። የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ላይ ከ200 እስከ 240 ቮልት ይላል። የኔ ኮንሶል ግን ከ100 ጀምሮ ይሠራል። ለካ ሰርጅ ፕሮቴክተር ድንገት የሚዘለውን ቮልቴጅ ነው የሚቆርጠው፤ የወረደውን ከፍ አያደርግም።

ስለዚህ ስታብላይዘር ገዛሁ። ኮምፒውተሩ፣ ኮንሶሉና ቲቪው አንድ ላይ እስከ 750 ዋት ይወስዳሉ። የመረጥኩት ግን 2000 ቪኤ ነው፤ የሚገባው ቮልት ሲወርድ ስታብላይዘሩ የሚሸከመው ጭነትም ይቀንሳል። የማዘግያ ማብሪያውን 180 ሰከንድ ላይ አደረግኩት። መብራት ሄዶ ሲመጣ የመጀመሪያው መዋዠቅ ዕቃዎቹ ጋ ሳይደርስ ያልፋል።

ማከፋፈያውን አልጣልኩትም፤ ከስታብላይዘሩ ቀጥሎ ሰካሁት። በዚያው ማታ ስለካ 165 ገብቶ 214 ይወጣል። ሪስታርቱም ቆመ። መብራት ጭራሽ ሲሄድ ግን ኮምፒውተሩ አሁንም ይጠፋል፤ ለዚያ ዩፒኤስ ያስፈልጋል።