ፒ ቫሊዩውን ብቻ አይቶ ገጹን የሚገለብጥ ተማሪ፦ ችግርና መፍትሄ

ነርሲንግ ተማሪዎችን ጆርናል ሳስነብብ ሁልጊዜ የምይዘው ጽሑፍ በ2017 ላንሴት ላይ የወጣው ዎማን የተባለ ጥናት ነው። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ለሚፈሳቸው እናቶች ትራኔግዛሚክ አሲድ መስጠት ይጠቅም እንደሆነ የፈተሸ ጥናት ነው። 20,060 እናቶች ገብተውበታል። ግማሽ ያህሉ መድኃኒቱን፣ ግማሽ ያህሉ ፕላሴቦ አገኙ። ይህን ጽሑፍ የመረጥኩት ተማሪ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች እዚሁ ተሰብስበው ስለሚገኙ ነው። በደም መፍሰስ ስለሞቱት እናቶች የተገኘው ውጤት እንዲህ ይነበባል፦

```
RR 0.81, 95% CI 0.65–1.00; p=0.045
```

ችግር፦ "መድኃኒቱ ከ100 እናቶች 19ኙን ያድናል"

ምክንያቱ ቀላል ነው። ተማሪው 0.81ን ከ1 ቀንሶ 19 በመቶ አገኘ። የምን 19 በመቶ እንደሆነ ግን አልጠየቀም። RR ማለትም ሪላቲቭ ሪስክ የሁለት አደጋዎች ንጽጽር ነው፤ አደጋው ራሱ ምን ያህል እንደሆነ አይነግርም።

መፍትሄው ሰሌዳው ላይ ሰው መቁጠር ነው። እያንዳንዱ ቡድን ወደ 10,000 እናቶች ስላሉት ስሌቱ አያስቸግርም። ፕላሴቦ ካገኙት 191 እናቶች ደም ፈሷቸው ሞቱ፤ መድኃኒቱን ካገኙት 155። ልዩነቱ 36 እናቶች ነው። 10,000ን ለ36 ሲያካፍሉት፣ አንዲት እናት እንድትተርፍ ወደ 280 ለሚጠጉ እናቶች መድኃኒቱ መሰጠት አለበት ማለት ነው። 19 በመቶውም እውነት ነው፣ 36ቱም እውነት ነው። ተማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይጽፍ እንዲያልፍ አልፈቅድም።

ችግር፦ "ፒው 0.045 ስለሆነ መድኃኒቱ የመሥራቱ ዕድል 95.5 በመቶ ነው"

ይህ ከሁሉም ስር የሰደደው ስህተት ነው። ምክንያቱ ጥያቄውን መገልበጥ ነው። ትርጉሙን ደጋግሞ ማሸምደድ አይፈታውም፤ ሞክሬዋለሁ። የሚሠራው ከዋርድ የሚያውቁትን ማምጣት ነው። ወባ የያዘው ሰው ትኩሳት የሚኖረው ስንት ጊዜ ነው? አብዛኛውን ጊዜ። ትኩሳት ያለው ሰውስ ወባ የያዘው ነው? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ታይፎይድም ሳንባ ምችም ሊሆን ይችላል። ይህን ማንም ነርስ አያምታታውም።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ሁልጊዜ በአንድ ሐረግ እንዲጀምሩ አደርጋለሁ፦ "መድኃኒቱ ምንም ለውጥ ባያመጣ ኖሮ…"። ቀሪው ራሱ ይመጣል፦ "…ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የምናየው ከ1,000 ተመሳሳይ ጥናቶች በ45ቱ ገደማ ነበር።" ያለዚያ መነሻ ሐረግ የተጻፈ መልስ አላርምም፤ እመልሰዋለሁ።

ችግር፦ "ፒው 0.65 ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ አይሠራም"

የጥናቱ ዋና መለኪያ በማንኛውም ምክንያት መሞት ወይም ማህፀን በቀዶ ሕክምና መውጣት ነበር። ውጤቱም RR 0.97፣ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ0.87 እስከ 1.09 ነው። ተማሪው 0.65ን አይቶ ገጹን ገለበጠ። "ማስረጃ አላገኘንም" ማለትን "እንደማይሠራ ተረጋገጠ" ከማለት ጋር አንድ አደረገው።

እዚህ ላይ ፒ ቫሊዩውን በወረቀት ሸፍኑት። ሁለቱን ጫፎች ብቻ ይዘው በቃላት ይንገሯችሁ። መረጃው ከ13 በመቶ መቀነስ ጋርም፣ ከ9 በመቶ መጨመር ጋርም ይስማማል። በሬሾ ሲለካ "ልዩነት የለም" የሚባለው ቦታ 1 ነው፤ 1 ደግሞ መካከል ላይ ወድቋል። (የደም ግፊት አማካይ ልዩነት ቢሆን ኖሮ የምንፈልገው 0ን ነበር። ይህን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።)

ቀጥሎ ምን እንደተቆጠረ ጠይቁ። በብዙ እናቶች ላይ ማህፀኑ እንዲወጣ የተወሰነው መድኃኒቱ በሚሰጥበት ሰዓት አካባቢ ነው። መድኃኒቱ ሊከላከለው ያልቻለ ነገር ከሞት ጋር ተደምሮ ተቆጠረ ማለት ነው። ይህን ፒ ቫሊዩ አይናገርም፤ የዘዴውን ክፍል ያነበበ ሰው ብቻ ያገኘዋል።

በተቃራኒው 0.045ን አይቶ የሚደሰት ተማሪም አይለፍ። የኢንተርቫሉ ላይኛው ጫፍ 1.00 ነው፤ ጠርዝ ላይ ቆሟል። በደም መፍሰስ መሞትም ዋናው መለኪያ አልነበረም። ጠንከር ያለው ውጤት መድኃኒቱን ከወለዱ በ3 ሰዓት ውስጥ ያገኙት ላይ ታየ፦ 89 ሞት በ127 አንጻር፣ RR 0.69፣ ኢንተርቫሉ ከ0.52 እስከ 0.91። ሁለቱም ጫፎች ከ1 በታች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 ምክሩን ሲያድስ የጊዜ ገደቡን 3 ሰዓት አድርጎታል።

አንዲት ተማሪዬ ይህን ካነበበች በኋላ የጠየቀችኝ ስለ ፒ ቫሊዩ አልነበረም። "ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላት የምትመጣ እናት የወለደችበት ሰዓት ወረቀቱ ላይ ይጻፋል?" አለችኝ።