ጎረቤት ከግቢ ሲለቅ በሚጻፍ የመሸኛ ካርድ ላይ የማያቸው ስህተቶች

የዕድር ጸሐፊ ስለሆንኩ ከግቢ የሚለቅ ሰው ሲኖር ካርዱ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ «እስኪ አስተካክልልን» ይሉኛል። ከስህተቶቹ ሁሉ የሚያናድደኝ ሰውን በቁሙ መቅበር ነው።

«ደግ፣ ትሑት፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ።» ይሄ እኮ ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ነው! ሴትዮዋ የሚሄዱት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠባያቸውን ይዘው ነው የሚሄዱትና «ናቸው» በሉ። ደግሞ ይህ ውዳሴ ስሙን ቀይራችሁ ለማንም ብትሰጡት ይሆናል። ባለፈው የግቢው ወጣቶች ይህንኑ ጽፈው ሲመጡ «ለመሆኑ ምን አድርገውላችኋል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይታ አንዷ «ሌሊት ውሃ ሲመጣ በር እያንኳኩ የሚቀሰቅሱን እሳቸው ናቸው» አለች። ይኸው ተገኘ! ካርዱም እንዲህ ሆነ፦

«እትዬ፣ ውሃ በፈረቃ በመጣ ቁጥር ሌሊት በራችንን እያንኳኩ ጀሪካን አስሞልተውናል። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመጡ የቤት ቁልፍ የሚቀበሉት ከእርስዎ ነበር። ሳናውቅ ያስቀየምንዎት ነገር ካለ ይቅር ይበሉን። ዕድሩ ላይ ስምዎ እንዳለ ነው። አዲሱ ቤት የጤና ይሁንልዎ። የግቢዎ ልጆች።»

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። «እትዬ» ሲሏቸው ኖረው ካርድ ላይ «ወይዘሮ» ብለው ከነአባታቸው ስም የሚጽፉ አሉ፤ የቀበሌ ደብዳቤ ይመስላል።

ይቅርታውን ደግሞ አትዘርዝሩት። አንድ ግቢ ውስጥ «በመብራት ሂሳብ የተነጋገርነውን ይርሱት» ብለው ጻፉ። ቆጣሪው የጋራ ነው፣ ምጣድ ያለው ቤት የበለጠ ይክፈል አይክፈል የሚባል የቆየ ንትርክ ነበር። ካርድ ደግሞ ቡና ላይ ጮክ ተብሎ ነው የሚነበበው። ሁለተኛው ሳይቀዳ ንትርኩ እንደ አዲስ ተጀመረ፤ ለመሸኘት የመጣው ሰው አስታራቂ ሆኖ አመሸ።

ቤቱ ለልማት ፈርሶበት ለሚነሳ ሰው፣ ደስ ማለቱን ሳታውቁ «እንኳን ደስ አለዎት» አትበሉ። «በየሳምንቱ እየመጣን እንጠይቅዎታለን» የሚለውንም ተዉት፤ ከአራት ኪሎ ኮዬ ፈጬ ድረስ ስንት ታክሲ እንደሚቀያየር ሁሉም ያውቃል። የምትሄዱበት ቀን ካላችሁ፣ ለምሳሌ ቤት ሊመርቁ ከሆነ፣ እሱን ጻፉ።

ለስጦታው ያዋጣውን ሰው ከነብሩ መጠን መዘርዘርማ ነውር ነው።

ካርዱን አይሱዙው ግቢ ከገባ በኋላ መስጠትም አይሆንም። ያን ቀን ሰው ቁም ሣጥን እያስወጣ፣ ድስት በካርቶን እየከተተ ነው፤ ወረቀቱ ከሰሃን መጠቅለያው ጋር ይጠፋል። ዋዜማውን ማታ፣ ቡናው ሲፈላ ስጡ። ዓይናቸው ለደከመ ሰው ፊደሉን ተለቅ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ድምፁ ጎላ ያለ ልጅም አንባቢ አዘጋጁ።