ማንቂያው ጮኸ፣ ዋጋው ግን አልወደቀም፦ የተበላሹ ቲኮችን ስለማጽዳት

የአሜሪካ አክሲዮኖችን የሚከታተል ትንሽ ፕሮግራም ጻፋችሁ እንበል። አንድ አክሲዮን በደቂቃ ውስጥ 5 በመቶ ከወረደ ስልካችሁ ላይ መልእክት ይልካል። መልእክቱ ይመጣል፣ ደንግጣችሁ ቻርቱን ትከፍታላችሁ፣ ዋጋው ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም፤ ወደ ታች የወረደች አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ትታያለች። ችግሩ ያለው ዳታው ላይ ነው፤ ከቲኮቹ፣ ማለትም ከተመዘገቡት የእያንዳንዱ ግብይት ዋጋዎች፣ አንዱ ተበላሽቷል።

ችግር፦ ዋጋው በአንድ ቲክ ወርዶ በሚቀጥለው ይመለሳል

መጀመሪያ ከቲኩ ጋር የመጣውን የሽያጭ ኮድ እዩ። ብዙ ሰው ዋጋና ሰዓቱን ብቻ ይዞ ኮዱን ይጥለዋል፣ እዚህ ላይ ነው ነገር የሚበላሸው። `Z` ካለበት ግብይቱ ዘግይቶ፣ ከተራው ውጭ የተመዘገበ ነው፤ ማለትም ዋጋው እውነት ቢሆንም የአሁኑ አይደለም። `T` ደግሞ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ የተደረገ ግብይት ነው። እነዚህንና የተሰረዙትን ማንቂያው ጋ ሳይደርሱ አስቀሯቸው። ምንም ሒሳብ ሳትሠሩ ብዙ ቆሻሻ ይወጣል።

ችግር፦ ኮዱ ንጹሕ ነው፣ ቁጥሩ ግን አይረባም

አማካዩን ወስዶ በሦስት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ማጣራት ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሞክረው ነገር ነው። እነዚህን ሰባት ቲኮች እዩ፦ 50.01፣ 50.02፣ 50.00፣ 50.02፣ 5.00፣ 50.01፣ 50.03። አምስተኛው እንደተበላሸ ሕፃን ልጅም ያያል። አማካዩ ግን 43.58 ይሆናል፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ደግሞ 17 ገደማ። ሦስት እጥፉ 51 ነው፣ 5.00 ከአማካዩ የሚርቀው 38.58 ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሰላም ያልፋል! መጥፎው ቲክ ራሱ መለኪያውን አሰፋው። እንዲያውም ከ10 ባልበለጡ ቲኮች፣ የሚፈተነው ቲክ አብሮ ከተቆጠረ፣ ቁጥሩ የፈለገውን ያህል ቢርቅ በዚህ መንገድ በጭራሽ አይያዝም።

መፍትሄው ሚዲያን ነው። የሰባቱ ሚዲያን 50.01 ነው። እያንዳንዱ ቲክ ከዚያ ምን ያህል እንደሚርቅ አስሉና የርቀቶቹን ሚዲያን ውሰዱ፦ 0.01። አሥር እጥፉ 0.10 ነው። 5.00 በ45.01 ይርቃል፣ አለቀ።

```python
med = w.median()
mad = (w - med).abs().median()
limit = max(10 * mad, 2 * spread)
bad = abs(p - med) > limit
```

`w` መስኮቱ ነው፣ ማለትም የመጨረሻዎቹን 50 ቲኮች ዋጋ የያዘ የpandas Series፣ `p` አዲሱ ዋጋ፣ `spread` በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት። `max` የገባው በምክንያት ነው። እንቅልፋም አክሲዮን ሃምሳ ጊዜ በአንድ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል፤ ያኔ `mad` ዜሮ ይሆንና የአንድ ሳንቲም ለውጥ እንኳ እንደ ጥፋት ይቆጠራል።

ችግር፦ ማጣሪያው እውነተኛውን እንቅስቃሴ ዋጠው

ይሄ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ድምፅ የለውም። ኩባንያው መጥፎ ዜና አወጣ፣ ዋጋው ከ50 ወደ 44 ወርዶ እዚያው ተቀመጠ፣ ፕሮግራማችሁ ግን እያንዳንዱን አዲስ ቲክ «መጥፎ» እያለ ይጥላል። መስኮቱ ውስጥ የሚገቡት ማጣሪያውን ያለፉት ቲኮች ብቻ ከሆኑ ሚዲያኑ 50 ላይ እንደተቸነከረ ይቀራል። ስለዚህ የተጣሉትንም መስኮቱ ውስጥ አስገቧቸው፤ ሚዲያን ጥቂት መጥፎ ቁጥሮችን ይችላል። ግን ይሄም ብቻውን አይበቃም፣ ሚዲያኑ እስኪዞር ሃያ ምናምን ቲክ ያስፈልጋል፣ ብዙ የማይሸጥ አክሲዮን ላይ ደግሞ ይህ ረጅም ጊዜ ነው። እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው፦ የተጠረጠረውን ቲክ ወዲያው አትጣሉት፣ ያዙት። ቀጣዮቹ ሦስት ቲኮች እሱ አካባቢ ካረፉና የመግዣና የመሸጫ ዋጋውም አብሮ ከወረደ እውነት ነው፣ መስኮቱን ከዚያ ጀምሩት። ቲኮቹ ወርደው የመግዣና የመሸጫ ዋጋው 50 ላይ ከቆመ ግን አትመኑት፤ መጥፎ ቲኮችም ተከታትለው ይመጣሉ። ማንቂያው ጥቂት ይዘገያል፣ የምትከፍሉት ዋጋ እሱ ነው።

ችግር፦ ዋጋው በአንድ ሌሊት አሥር እጥፍ ወረደ

የነጥብ ስሕተት ይመስላል፣ ላይሆን ይችላል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 2024 በ1,208.88 ዶላር ዘጋ፣ ጁን 10 ደግሞ አንዱ አክሲዮን ለአሥር ተከፍሎ በ120 ዶላር አካባቢ መሸጥ ጀመረ። ይህንን የትኛውም የቲክ ማጣሪያ አይለየውም። ገበያው ሳይከፈት የክፍፍል ዝርዝሩን አንብባችሁ የድሮውን ዋጋ አካፍሉ።

የጣላችሁትን ደግሞ አታጥፉ፣ ምልክት አድርጋችሁ አስቀምጡት። እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2010 አክሰንቸር በአንድ ሳንቲም ተሽጧል፤ ግብይቱ በእርግጥ ተደርጓል፣ በኋላ ነው የተሰረዘው። የሚጣሉት ቲኮች ቁጥር በአንድ ቀን በድንገት ካሻቀበ መጀመሪያ ገደባችሁን ሳይሆን የዳታ ምንጫችሁን ፈትሹ።