አይረን እየወሰዱ ደም የማይሞላው ለምንድን ነው? የብዙ ወር አበባና የደም ማነስ ችግርና መፍትሄ

የደም ማነስ ይዟት የምትመጣ ሴት አይረን ስትጀምር የመጀመሪያ ጊዜዋ ላይሆን ይችላል። ባለፈው ዓመት 30 ፍሬ ተሰጥቷት ጨርሳለች፣ ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር፣ ዘንድሮ ተመልሳ ደረጃ መውጣት አቅቷታል። ኪኒኑን የሰጣት ሰው ግን የወር አበባዋ ስንት ቀን እንደሚቆይ አልጠየቃትም። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ተመላልሶ ስለሚመጣው ደም ማነስ ነው። የእርግዝና ምርመራ እንደተደረገ፣ የደም ግፊትም እንደተለካ ወስደን እንቀጥል።

ምልክት፦ "የወር አበባዬ የተለመደው ነው፤ ደሜ ግን አይሞላም"

"ብዙ ይፈስሻል?" ተብላ የተጠየቀች ሴት "ኧረ የተለመደው ነው" ትላለች። እናቷም እህቷም እንደዚያው ስለሆኑ የምታወዳድርበት ሌላ የላትም። ስለዚህ ብዛቱን ሳይሆን ቁጥሩን ጠይቁ። በከባዱ ቀን ሞዴስ በየስንት ሰዓቱ ትቀይራለች? ሌሊት ለመቀየር ትነሳለች? የረጋ ደም ይወጣታል፣ ከሳንቲም ይበልጣል? ከ7 ቀን ያልፋል? በየአንድ ሁለት ሰዓቱ መቀየር፣ ሌሊት መነሳት፣ አንሶላ ማበላሸት፣ ሁለት ሞዴስ ደርቦ ገበያ መውጣት የተለመደ አይደለም። በመጽሐፍ ብዙ የሚባለው በአንድ ዙር ከ80 ሚሊሊትር በላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ማንም በሚሊሊትር አይለካም፣ ሞዴሱ ይበቃል።

አፈር ወይም በረዶ መብላት የሚያምራት፣ ፀጉሯ የሚረግፍ፣ ጥፍሯ የሚሰባበር ሴት ካለች የአይረን ክምችቷን የሚያሳየው ፌሪቲን ይታይላት። የሄሞግሎቢን ቁጥር ገና ሳይወርድ የአይረን ክምችት ሊያልቅ ይችላል።

ምልክት፦ የሄሞግሎቢን ውጤቷ 12.4 ነው፣ "ደም አለሽ" ተብላለች፣ ድካሟ ግን አልለቀቃትም

ምክንያቱ ከፍታ ነው። ለማታረግዝ ሴት የደም ማነስ መስመር 12 ነው፤ ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። እኛ ያለንባት ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ቀይ ደም ይጨምራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ከ1,500 እስከ 1,999 ሜትር ለሚኖር ሰው ከውጤቱ 1.1 እንዲቀነስ ያዛል። የጅማው 12.4 እንግዲህ 11.3 ነው፤ ደም ማነስ ነው። እዚህ ከተማ ለሴት የምንጠብቀው ቁጥር 13.1 ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን የላቦራቶሪ መስመር ብቻ አይቶ መመለስ ሥራን መተው ነው።

ዋናው ብልሽት፦ አይረን ወሰደች፣ አልሠራም

አንዲት የ34 ዓመት ሴት እንውሰድ፤ በጅማው ሂርማታ ገበያ የምትነግድ፣ የሦስት ልጆች እናት። የወር አበባዋ 8 ቀን ይቆያል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በቀን 8 ሞዴስ ትቀይራለች። ሄሞግሎቢኗ 8.6 ነው፣ ፌሪቲኗ 6። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ 30፣ 30 ፍሬ አይረን ወስዳለች። እያንዳንዱ ጊዜ ወደ 10 ገደማ ይወጣና ይመለሳል።

ሒሳቡን እንሥራው። ደሟን ከ8.6 ወደ 13 ለማድረስና ባዶ የሆነውን የአይረን ጎተራ ለመሙላት ወደ 1,000 ሚሊግራም አይረን ያስፈልጋታል። 60 ሚሊግራም ካለው አንድ ኪኒን፣ ሁሉም ነገር በደንብ ቢሄድ፣ ሰውነቷ የሚቀበለው ወደ 10 ሚሊግራም ነው። 30 ፍሬ ማለት 300 ነው። 100 ፍሬ የሚያስፈልገውን በ30 ፍሬ ማስተካከል አይቻልም፤ ኪኒኑ ሳይሆን መጠኑ ነው የጎደለው።

በዚያ ላይ ቀዳዳው አልተደፈነም። በወር 160 ሚሊሊትር ደም ብትፈስ፣ ደሟ ወደ 12 ሲቃረብ ከ60 ሚሊግራም በላይ አይረን በየወሩ ይሄዳል። ከወር አበባው ውጭም በአንጀት፣ በቆዳና በላብ በቀን አንድ ሚሊግራም ያህል ይወጣል። ከምግብ የምታገኘው ደግሞ በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው። ገቢው ወጪውን አይሸፍንም። ልብ በሉ፣ ደሟ ቀጭን ሳለ የሚፈሰውም ደም አይረኑ ቀጭን ነው፤ እየሞላች በሄደች ቁጥር በእያንዳንዱ ዙር የምታጣው ይጨምራል። 10 ላይ ደርሳ የምትቆመው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ቡና ነው። ኪኒኑን "ከቁርስ በኋላ" ብለው ሰጥተዋታል። ጅማ ውስጥ ከቁርስ በኋላ ረከቦት ይቀርባል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወርድ ኪኒኑ ገና ሆዷ ውስጥ ነው። የቡናው ፖሊፊኖል አይረኑን ይዞ ያስረዋል፣ አንጀት አይቀበለውም። ሻይ ደግሞ ከቡና ይብሳል። ቡና ተዪ ማለት ጥቅም የለውም፤ አትተውም፣ መተውም የለባትም። ሰዓቱን ማራቅ ይበቃል፦ ከቡና፣ ከሻይና ከወተት በሁለቱም በኩል ሁለት ሰዓት። ለአብዛኛው ቤት የሚመቸው ከእራት ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ሊተኙ ሲሉ በውሃ መውሰድ ነው። ረመዳን ላይም ይኸው ሰዓት ይሠራል፣ ከኢፍጣሩ ቡና እስከራቀ ድረስ። የጨጓራ ማስታገሻ የሚወስዱም ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ኦሜፕራዞል የአይረንን አቀባበል ይቀንሳል።

መጠኑ በቀን አንድ ኪኒን ነው። ሁለት ሦስት መውሰድ አያፈጥንም፤ አንድ መጠን ሲገባ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያወጣና ለአንድ ቀን ያህል የአንጀትን በር ያጠባል። ትርፉ የሆድ ቁርጠትና ድርቀት ነው፤ ከዚያ ሴትየዋ ኪኒኑን ትጥላለች። ሆድ ካስቸገረ በየሁለት ቀኑ አንድ ይሁን። ሰገራ ይጠቁራል፣ አያስደነግጥ። ከ4 ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢን ወደ 2 ገደማ መጨመር አለበት። ካልጨመረ መጠኑን አትጨምሩ፤ ሰዓቱን፣ ደሙንና ሰገራውን መርምሩ። ጅማና አካባቢዋ የመንጠቆ ትል አለ፣ በአንጀት በኩል ደም ይመጥጣል። በሰገራ ምርመራ ሲገኝ 400 ሚሊግራም አልቤንዳዞል አንዴ መውሰድ ይህን ሁለተኛ ቀዳዳ ይዘጋል።

ቀይ ስር ደም አይተካም። ቀለሙ እንጂ አይረኑ ጥቂት ነው። "የደም ሽሮፕ" እየተባለ የሚሸጠውም ጠርሙስ ላይ በአንድ ማንኪያ ስንት ሚሊግራም አይረን እንዳለ ካልተጻፈ ገንዘብ አታውጡበት።

ማስጠንቀቂያ፦ አይረን ሕፃን ይገድላል። ቀይና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ከረሜላ ይመስላል። ኪኒኑ ትራስ ስር አይደር፣ ከፍ ብሎ ይቆለፍ።

ቀዳዳውን መድፈን፦ ትራኔክሳሚክ አሲድ

ይህ መድኃኒት ሆርሞን አይደለም፣ መውለድንም አይከለክልም። ማህፀን ውስጥ ደም ሲረጋ ሰውነት ራሱ የረጋውን ያሟሟል፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ ያንን ማሟሟት ያግዳል። ፍሰቱን በአማካይ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል። የነጋዴዋ 160 ሚሊሊትር ወደ 100 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው።

የተለመደው መጠን ባለ 500 ሚሊግራሙን 2 ፍሬ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢበዛ ለ4 ቀን ነው። ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 9 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። የሚጀመረው ደሙ መክበድ ሲጀምር ነው፤ ቀድሞ መውሰድ አይጠቅምም፣ ወሩን ሙሉ መውሰድም አይገባም።

"አልሠራልኝም" የሚሉት ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ አንዱ ይገኛል፦ አንድ ፍሬ በቀን አንዴ ወስደዋል፣ ወይም በአምስተኛው ቀን ደሙ ሊቆም ሲል ጀምረዋል፣ ወይም ፋርማሲው 6 ፍሬ ብቻ ሸጦላቸዋል። 6 ፍሬ የአንድ ቀን ነው። ለአንድ ዙር 24 ፍሬ ያስፈልጋል። ከጀመረች ሦስት ዙር ትሞክረው።

እግሯ ወይም ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ የሚጥል በሽታ ያለባት፣ ሽንት ላይ ደም የምታይ ሴት አትወስድም። ኩላሊት የደከመች መጠኑ በሐኪም ይቀነስላታል። ኤስትሮጅን ካለው የወሊድ መቆጣጠሪያ ጋር አይደረብም። የአንድ እግር እብጠትና ሕመም፣ የደረት ውጋት ወይም የዓይን መደብዘዝ ከመጣ ወዲያው ይቁም፣ ሆስፒታል ይኬድ።

ቁርጠት ካለባት ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ከምግብ ጋር፣ ደሙንም በትንሹ ይቀንሳል። ጨጓራ ካለባት አይሆንም።

ሆርሞን፦ የትኛው ለማን

ሉፕ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ይህን ሳያስረዱ ማስገባት ብዙ ቅሬታ ያመጣል። የመዳቡ ሉፕ ደም ይጨምራል፤ ከእሱ ወዲህ ፍሰቱ ከከበደባት መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ሌቮኖርጀስትሬል 52 ሚሊግራም ያለው ሉፕ ግን ከሁሉም በላይ ደም የሚቀንሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ጠብ ጠብ ማለት ይኖራል፤ ይህ ቀድሞ ካልተነገራት በሁለተኛው ወር ታስወጣዋለች።

ድብልቁ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ለወጣት ሴት ጥሩ ነው፤ ግፊት ላለባት፣ ዓይን ላይ ብልጭታ የሚያስቀድም ማይግሬን ላለባትና ከ35 ዓመት በላይ ሆና ለምታጨስ ግን አይሰጥም። በአንዳንዱ ፓኬት መጨረሻ ያሉት 7 ቡናማ ፍሬዎች አይረን አላቸው፣ ደም ማነስን ለማከም ግን አይበቁም። የሦስት ወሩ መርፌ መጀመሪያ ያዛባል፣ እየቆየ ደሙን ያቆማል። በክንድ የሚቀበረው የማይገመት ነው።

ሌላ ምርመራ የሚፈልጉት

ከልጅነቷ ጀምሮ የሚበዛባት፣ ጥርስ ስትነቀልም አልቆም የሚላት፦ የደም መርጋት ችግር ይመርመር። ከ45 ዓመት በላይ፦ የማህፀን ግድግዳ ናሙና ይወሰድ። ካረጠች በኋላ ወይም ከግንኙነት በኋላ የሚፈስ፦ አትቆዩ። ሆዷ ላይ የሚዳሰስ እብጠት፦ አልትራሳውንድ፣ ማዮማ የሚባለው የማህፀን ዕጢ ሊሆን ይችላል።

በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያርስ ደም ለተከታታይ ሁለት ሰዓት ከቆየ፣ ራስ መሳት ወይም ተቀምጠው ትንፋሽ ማጠር ካለ፣ ወይም ሄሞግሎቢን ከ7 በታች ከሆነ ኪኒን አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል።

ነጋዴዋ ምን ይደረግላት?

አልትራሳውንድ ይታይላታል፣ ሰገራዋ ይመረመራል። ትራኔክሳሚክ አሲድ በየዙሩ 24 ፍሬ፣ አይረን ማታ 4 ሰዓት አንድ። በአራተኛው ሳምንት 10.6 ላይ ብትገኝ መንገዱ ልክ ነው። በሦስተኛው ወር 12.9 ስትደርስ "ዳንሽ" የሚላት ይመጣል፤ የጅማው መስመር 13.1 ስለሆነ ገና ናት። 13.1 ካለፈች በኋላም ጎተራው እንዲሞላ ሌላ 3 ወር ትቀጥላለች፤ ከዚያ ፌሪቲኗ ይለካል። ከ30 በታች ከሆነ ደሙ አሁንም ከገቢዋ ይበልጣልና ስለ ሆርሞን ሉፕ የሚነጋገሩት ያኔ ነው።