ቀኑ ያለፈ ሒሳብና የቆየ ደንበኛ፦ የመጀመሪያው ማስታወሻ ችግርና መፍትሄ

ፒያሳ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ለስድስት ዓመት ሲያትምለት የኖረውን የጎንደር ሆቴል እንውሰድ። ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ለጥምቀት ሰሞን የሚሆን ሜኑና የእንግዳ መመዝገቢያ ካርድ አስረከበ። ዋጋው 42,000 ብር፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመርበት 48,300 ብር ነው። የዱቤው ጊዜ 30 ቀን ስለሆነ መክፈያው ጥር 15 ላይ ይውላል። ጥር 19 ሆነ፤ ብሩ አልገባም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ የሚላከው የመጀመሪያው መልእክት ነው። አንዱ ደንበኛውን ያስቀይማል፤ ሌላው ደግሞ ከመለሳለሱ የተነሳ መልስ እንጂ ብር አያመጣም።

ምልክት፦ ደንበኛው ተቀየመ

«በስድስት ዓመት የቱን ብር አስቀርቼብህ ነው?» ይላል፤ ወይም ስልክ ማንሳት ያቆማል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ግሡ ነው። «እስካሁን አልከፈሉንም» ሲባል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሰውየው ነው፤ «እስካሁን» የምትለው ቃል ደግሞ ብዙ ጠብቀናል የሚል ወቀሳ ትጨምርበታለች። ያለፉት ግን አራት ቀናት ብቻ ናቸው። ያውም የጎንደር ሆቴል ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ፣ ከጥር 10 እስከ 12 ማለት ነው፣ ፋታ የለውም። በዚያ ሳምንት የፋይናንስ ሠራተኛው ራሱ ሪሴፕሽን ላይ ሲያግዝ ሊሰነብት ይችላል። የዘገየው ክፍያ ምናልባት ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ወረቀት ነው፤ ወቀሳው ግን እምቢ ላለ ሰው የሚሆን ነው።

መፍትሄው የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ክፍያውን ማድረግ ነው። «አልከፈሉንም» በማለት ፈንታ «ክፍያው እኛ ዘንድ ገቢ ሆኖ አላየነውም» ይባል። ይህ ለጨዋነት ብቻ የተባለ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት በእርግጠኝነት የምናውቀው ይህንኑ ብቻ ነው። «ዕዳ»፣ «ማስጠንቀቂያ»፣ «በአስቸኳይ» የሚሉት ቃላት ለዚህ ደብዳቤ አይደሉም። መልእክቱን ለሥራ አስኪያጁም በግልባጭ መላክ የፋይናንስ ሠራተኛውን በአለቃው ፊት መክሰስ ስለሚሆን ይቅር።

ሁለተኛም ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው ግን አያስተውለውም። ስድስት ዓመት «አንተ» ሲባባሉ ለኖሩት ሰው ድንገት «ክቡርነትዎ» ወይም «እርስዎ» ብሎ መጻፍ አክብሮት መሆኑ ይቀርና የክስ ማመልከቻ ይመስላል። ትናንት በነበረው አጠራር ይጻፍ። «ጋሼ» ሲባል የኖረ «ጋሼ» ይባል፣ «አንተ» የተባለም «አንተ»። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ከሆነ ብቻ ነው ደብዳቤው በ«እርስዎ» የሚሄደው፤ ያኔም ቀደም ብሎ ስልክ ደውሎ «ለፋይላችሁ የሚሆን ደብዳቤ እልካለሁ» ማለት ቅሬታውን ያስቀራል።

ምልክት፦ «እሺ፣ ችግር የለም» ተባለ፤ ሳምንት አለፈ፤ ምንም የለም

እዚህ መልእክቱ በጣም ለስልሷል። «ሲመችዎ» ካልን ጊዜውን ለእሱ ሰጥተናል፤ ስላልተመቸው አልከፈለም፣ ቃሉንም አላጠፈም። «ስላስቸገርኩ ይቅርታ» ማለትም አይበጅም፤ የራስን ብር መጠየቅ እንደ ጥፋት ስለሚያስቆጥር። ከሁሉም የሚጎዳው «የቤት ኪራይ ደርሶብን ነው» የሚለው ነው። ወሬውን ከሒሳቡ ወደ እኛ ችግር ያዞረዋል፤ ደንበኛውም ለኪራዩ የሚበቃ 15,000 ብር ልኮ የረዳን ሊመስለው ይችላል። ከዚያ የቀረውን 33,300 መጠየቅ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል።

ሰላምታውም መጠን አለው። ጤናውንና ቤተሰቡን ስንጠይቅ አራት መስመር ከሄደ፣ በስልክ ማሳወቂያው ላይ የሚታየው ሰላምታው ብቻ ይሆንና ሒሳቡ ሳይነበብ ይቀራል። አንድ መስመር ይበቃል፤ ያውም እሱን በትክክል የሚመለከት።

መፍትሄው መልእክቱን ቀን በሚጠይቅ ጥያቄ መዝጋት ነው። ለዚህ ሆቴል እንዲህ ይጻፋል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ የጥምቀቱ ሥራ እንዴት አለፈ? ታኅሣሥ 15 ያስረከብነው የሜኑና የካርድ ሥራ ሒሳብ፣ ቁጥር 0417፣ 48,300 ብር፣ መክፈያው ጥር 15 ነበር፤ እስከ ዛሬ ጠዋት እኛ ዘንድ ገቢ ሆኖ አላየነውም። ምናልባት በበዓሉ መሀል ከወረቀት ጋር ተደባልቆ እንደሆነ ብዬ ፎቶውን አያይዤዋለሁ። ለየትኛው ቀን ልያዘው? ተከፍሎም ከሆነ የባንኩን ማስረጃ ይላኩልኝ፤ ወዲያው አስተካክላለሁ።»

«ለየትኛው ቀን ልያዘው?» የሚለው «መቼ ትከፍላለህ?» ከሚለው ይለያል። ቀኑን እንደ ቀጠሮ ያስይዘዋል፤ በ«እሺ» ብቻም አይመለስም። ስለ በዓሉ የተጻፈው ደግሞ ደንበኛው ሳያፍር የሚወጣበት በር ነው፤ እውነተኛው ምክንያት ሌላ ቢሆን እንኳ በዚያ በር ያልፋል። በሩ ግን የሚታመን መሆን አለበት። በሐምሌ፣ ሆቴሉ ጭር ባለበት ጊዜ፣ «ሥራ በዝቶብዎ» ማለት ሽሙጥ ይመስላል፤ ያኔ «ወረቀቱ ሳይደርስዎ ቀርቶ እንደሆነ» ብቻ ይበቃል።

ምልክት፦ «ቀኑ ገና ነው» ወይም «ከፍለናል» የሚል መልስ

እዚህ የተሳሳተው ቃሉ አይደለም፤ ሳይጣራ መላኩ ነው። መክፈያ ቀኑ ወረቀቱ ላይ 15/05 ተብሎ ከተጻፈ እኛ ጥር 15 ማለታችን ነው። ሆቴሉ ግን የውጭ እንግዳ ስለሚይዝ መዝገቡ በፈረንጆች አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፤ እዚያ 15/05 ሜይ ነው፣ በእኛ ግንቦት 7። እንግዲህ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ። የ30 ቀን ዱቤ በእኛ ወር ሁልጊዜ በሚቀጥለው ወር እዚያው ቀን ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን መሀል ከገባች ግን አይሆንም። ነሐሴ 20 የተሰጠ ዱቤ የሚደርሰው መስከረም 15 ነው፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14።

«ከፍለናል» ሲባል ደግሞ የባንኩ ዝርዝር ላይ 48,300 ብለን ስለፈለግን ሳናየው ቀርተን ይሆናል። ደንበኛው ቅድመ ግብር ቀንሶ የሚያስቀር ከሆነ ቅናሹ ከታክሱ በፊት ካለው ከ42,000 ላይ ይሰላል፤ የሚገባው ብርም ከ48,300 ያንሳል። ከመጻፍ በፊት በመጠኑ ሳይሆን በቀኑና በላኪው ስም ይፈለግ። ከተገኘ የቀረን ጉዳይ የቅድመ ግብሩን ደረሰኝ መጠየቅ ብቻ ነው፤ ያ ሌላ መልእክት ነው።

ምልክት፦ ተነበበ፣ መልስ የለም

ብዙ ጊዜ መልእክቱ የደረሰው ለማይከፍለው ሰው ነው። ሥራውን ያዘዘው የግዥ ሠራተኛ ወዳጃችን ቢሆንም ክፍያ የሚያዘጋጀው ሒሳብ ክፍል ነው፤ እዚያ ደግሞ የዕቃ መረከቢያው ካልደረሰ ወረቀቱ አይንቀሳቀስም። መልእክቱ ለሒሳብ ክፍሉ ይላክ፤ ከፎቶው ጋር የተፈረመበት መረከቢያም ይያያዝ። ጥር 19 ማክሰኞ ስለሆነ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት የተላከ እስከ ሰኞ ከሌሎች መልእክቶች በታች ይውላል።

ሦስት የሥራ ቀን መልስ ከሌለ፣ ዓርብ ጥር 22፣ ይደወል እንጂ ያው መልእክት አይደገም። ሆቴሉ ድረስ ሄዶ እንግዳ በተቀመጠበት ሎቢ መጠየቅ ለመጀመሪያ ማስታወሻ አይሆንም። ጋሼ «ጥር 25» ካለ «እሺ ጋሼ፣ ለሰኞ ጥር 25 ይዤዋለሁ» ተብሎ በጽሑፍ ይመለስለት፤ እስከዚያ ቀንም ስለ ሒሳቡ ምንም አይነሳ።