ሦስት ማዕዘን ላይ አምስት ጎን የሚቆጥር ልጅ፦ ችግርና መፍትሄ

የአራት ዓመቱ ልጅ ሦስት ቁልፎችን በትክክል ይቆጥራል። የሦስት ማዕዘን ጎን ቁጠር ሲባል ግን አምስት ይላል፣ አንዳንዴም ዘጠኝ። ቅርጽን በእንቅስቃሴና በዕቃ ስናስተምር ከሚገጥሙን ችግሮች ብዙዎቹ ከዚሁ ስህተት ጋር ስለሚያያዙ ከዚህ እንጀምር።

ችግር፦ ቁጥሩ ከጎኖቹ ይበልጣል

በመስመር የተደረደሩ ቁልፎች መጀመሪያና መጨረሻ አላቸው። የመጨረሻው ሲነካ ቆጠራው በራሱ ያልቃል። ቅርጽ ግን ዙሪያው የተዘጋ ነው፤ ልጁ ከየት እንደተነሳ ካላስታወሰ ቁም የሚለው ነገር የለም፣ ስለዚህ የቆጠረውን ጎን ደግሞ ይቆጥረዋል። አራት ወይም አምስት ላይ የሚቆም ልጅ ብዙ ጊዜ ያጣው መነሻውን ነው።

ዘጠኝ የሚል ልጅ ነገሩ ሌላ ነው። ወለል ላይ በተሰመረ ቅርጽ ዙሪያ ሲራመድ የቆጠረው ጎኑን ሳይሆን እርምጃውን ነው። እያንዳንዱ ጎን ሦስት እርምጃ ቢፈጅበት ዘጠኝ ማለቱ ስህተት አይደለም፤ ምን እንደሚቆጠር ያልነገርነው እኛ ነን።

ወደ መፍትሄው ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ቁልፍ በመስመር ደርድሩና አስቆጥሩት። እዚያም ከሳተ ችግሩ የቅርጽ ሳይሆን የቆጠራ ነው፤ የጎን ቆጠራውን አቆዩትና በመስመር የተደረደሩ ዕቃዎችን እየነካ መቁጠር ይልመድ። ቁልፎቹን በትክክል ከቆጠረ የሚከተለውን ሞክሩ።

ወለሉ ላይ በፕላስተር ወይም በጠመኔ ሦስት ማዕዘን ሥሩ፤ እያንዳንዱ ጎን 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ልጁ በአንድ ዝላይ ያልፈዋል፤ በጣም ከረዘመም መሃል ላይ ሲደርስ ምን እየሠራ እንደነበር ይረሳል። አንዱ ማዕዘን ላይ የራሱን ጫማ አስቀምጡ። ይህ መነሻው ነው። ሦስት ሳይሆን ስድስት ጠጠር ስጡት፤ በልኩ ከሰጣችሁት የሚያቆመው የጠጠሩ ማለቅ እንጂ የቅርጹ ማለቅ አይሆንም።

ልጁ ከጫማው ይነሳል። በመስመሩ ላይ አፉን ዘግቶ ይራመዳል፤ ቁጥር የሚጠራው የጎኑ መሃል ላይ ቆሞ ጠጠር ሲያስቀምጥ ብቻ ነው። "አንድ" ይላል፣ ጠጠሩን ያኖራል፣ ወደ ማዕዘኑ ይሄዳል፣ ይዞራል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ጎን ላይ እንዲሁ። ጫማው ጋ ሲደርስ "ቤት ገባሁ" ብሎ ይቁም። በዝምታ መራመዱ የእርምጃ ቆጠራውን ያስቀራል፤ ጫማው ደግሞ ማብቂያውን ያሳያል። ረስቶ ካለፈም አራተኛውን ጠጠር ሊያኖር ሲል ቦታው ላይ ሌላ ጠጠር ያገኛል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ልጅ ራሱ ቆም ብሎ ያያል፣ ይስቃል፣ ጠጠሩን መልሶ ያነሳል። እናንተ ቀድማችሁ "ተው!" ካላችሁ ግን ስህተቱን ያገኛችሁት እናንተ ናችሁ።

ከዚያ በመስመሩ ላይ ያሉትን ጠጠሮች ራሱ ሰብስቦ ያምጣቸው። በእጃችሁ ሸፍናችሁ "ይሄ ቅርጽ ስንት ጎን አለው?" ብላችሁ ጠይቁ። "ሦስት" ካለ ጨርሷል። እጃችሁን አንስቶ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያለ እንደገና ከጀመረ ግን የመጨረሻው ቁጥር የጠቅላላው መጠን መሆኑ ገና አልገባውም። ይህ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ እናንተ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ሦስት ጎን" እያላችሁ ብትዘጉት በጊዜ ይይዘዋል።

ወለሉ ላይ ሳይስት ሲቀር ወደ ካርቶን ውረዱ። ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቅርጽ ቁረጡ። የግራ አውራ ጣቱ መነሻው ማዕዘን ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ የቀኝ ሌባ ጣቱ ጠርዙን እየዳሰሰ ይዞራል፤ አውራ ጣቱን ሲነካ ያቆማል። ጫማው በአውራ ጣት ተተካ ማለት ነው።

ችግር፦ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ጎንና ማዕዘን ግን ተምታተዋል

ይህን ለማየት ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ቀጥ ባሉ መስመሮች የተዘጋ ቅርጽ ሁሉ የጎኑና የማዕዘኑ ብዛት እኩል ነው። ማዕዘን ቁጠር የተባለ ልጅ ጎን ቢቆጥርም መልሱ ሦስት ነው። እናንተም "ጎበዝ" ብላችሁ ታልፋላችሁ።

በአማርኛ ደግሞ ሌላ ማምለጫ አለ። "ሦስት ማዕዘን" እና "አራት ማዕዘን" ቁጥሩን በስማቸው ይዘዋል። "ሦስት ማዕዘን ስንት ማዕዘን አለው?" ብሎ መጠየቅ መልሱን ነግሮ መጠየቅ ነው። ስትፈትኑ ስሙን አትጥሩ። "ይሄኛው" በሉ፤ ወይም ስሙን የማያውቀውን ባለ አምስት ጎን ካርቶን ስጡት።

መቁጠሩንም ተዉትና "ማዕዘኑን ንካልኝ፣ አሁን ጎኑን ዳስስልኝ" በሉት። ማዕዘን ሲባል የጠርዙን መሃል የሚነካ ከሆነ ተምታቶበታል። አንዳንዴ ምክንያቱ የራሳችን አነጋገር ነው፤ አንድ ቀን "ማዕዘን"፣ ሌላ ቀን "ጥግ" እንላለን። "ግድግዳው ጥግ ቁም" ሲባል የለመደ ልጅ ግን ጥግ ማለት ዳር እንደሆነ ያውቃል፣ ዳር ደግሞ ጎኑ ነው። ለቅርጽ "ማዕዘን" የሚለውን ብቻ ተጠቀሙ።

መፍትሄው ቁጥሮቹን ማለያየት ነው፤ ለዚህ ያልተዘጋ ቅርጽ ያስፈልጋል። ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ጫፍ ለጫፍ አጋጥሙ፤ ሁለት ጎን አለ፣ ማዕዘኑ ግን አንድ ነው። ልጁ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ሲዘረጋ "ጎን" ይበል፣ ክርኑን አጥፎ የሾለውን ጫፍ ሲያሳይ "ማዕዘን" ይበል። ሦስተኛ እንጨት በአንደኛው ጫፍ ጨምሩና ክፍት ተዉት፤ ሦስት ጎን፣ ሁለት ማዕዘን። አሁን ገፋ አድርጋችሁ ዝጉት። "ስንት ማዕዘን ሆነ?" ሲባል ልጁ አዲስ የተፈጠረውን ማዕዘን ዓይኑ እያየ ይቆጥራል። እዚህ ደረጃ ላይ ጎንና ማዕዘን በአንድ ቀን አንድ ላይ አታስቆጥሩ፤ አንዱ ቀን ለጠጠር፣ ሌላው ቀን ማዕዘን ላይ ለመዝለል ይሁን።

ችግር፦ "ይሄ ሦስት ማዕዘን አይደለም፣ ወድቋል"

ካሬው በማዕዘኑ ሲቆም "ካሬ አይደለም" ይላል። ቀጭኑንና ረጅሙን ሦስት ማዕዘን አይቀበለውም። በአንጻሩ ጎኑ የጎበጠውን "ሦስት ማዕዘን ነው" ይላል። እ.ኤ.አ. በ1957 ፒየር ቫን ሂሌ እና ዲና ቫን ሂሌ-ገልዶፍ የተባሉ ኔዘርላንዳውያን ባልና ሚስት መምህራን ይህን ቅርጽን የመረዳት የመጀመሪያው ደረጃ ብለውታል፤ ልጁ ቅርጽን የሚለየው በጥቅል መልኩ እንጂ በክፍሎቹ አይደለም። የሚያየው መልክ ደግሞ እኛ ያሳየነው ነው። የግድግዳው ሥዕል ላይ ሦስት ማዕዘን ሁሌም ጎኖቹ እኩል፣ መሠረቱ ከታች፣ ሹሉ ከላይ ከሆነ ልጁ ሌላ ከየት ያምጣ?

3 ሜትር ገመድ ጫፍና ጫፉን ቋጥራችሁ ለሦስት ልጆች ስጡ። እየጎተቱ ወጥረው ይያዙት። አንዱ ወደ ጓደኛው አንድ እርምጃ ይጠጋና ሁሉም መልሰው ይወጥሩት። ቀጭን ሆነ፣ ተጋደመ፤ ጎኑን ቁጠሩ፣ አሁንም ሦስት ነው። ገመዱ ከላላ ጎኖቹ ይጎብጣሉና "ወጥሩ" ማለቱ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ጎን ቀጥ ያለ መሆን እንዳለበት የሚያሳየው እሱ ነው።

በማግስቱ ዘጠኝ ካርቶኖችን "ነው" እና "አይደለም" ብሎ ይለይ። አምስቱ የተለያዩ እውነተኛ ሦስት ማዕዘኖች ይሁኑ። ከአራቱ አስመሳዮች አንዱ ጎኑ የጎበጠ፣ አንዱ ማዕዘኑ የተድበለበለ፣ አንዱ ሹሉ ተቆርጦ አራት ጎን የሆነ፣ አንዱም መስመሩ ተስሎ ሳይዘጋ የቀረ ይሁን። በየካርቶኑ "በምን አወቅህ?" በሉት። "ይመስላል" ካለ ጣቱን ወደ ጠርዙ መልሱት። "ይሄ ጎብጧል" ካለ ግን ክፍሎቹን ማየት ጀምሯል።

ካሬን በተመለከተ "አራት ማዕዘን ሁለት ረጅም ሁለት አጭር ጎን አለው" ብላችሁ አታስተምሩ። ቆይቶ የሚፈርስ ነገር ነው። "ካሬ አራቱም ጎኑ እኩል፣ አራቱም ማዕዘኑ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን ነው" ብትሉ ይበቃል።

ችግር፦ ዕቃው ራሱ ያሳስታል

ልጁ ኳሱን "ክብ" ይላል፤ የሳጥን ማዕዘን ሲቆጥር ደግሞ ይጠፋበታል። ሳጥን 6 ፊት፣ 12 ጠርዝና 8 ማዕዘን አለው፤ አራት ይገኛል ብለን የሰጠነው ዕቃ ስምንት ይዞ መጣ ማለት ነው። ዕቃው ሳይሆን አንዱ ፊቱ ነው ቅርጹ። ሳጥኑን ወረቀት ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ ይሥራ፤ ሳጥኑ ሲነሳ የቀረው መስመር ነው የሚቆጠረው። ጣሳም እንዲሁ፤ ሲነሳ ክብ ይቀራል። ኳስ ግን በዚህ መንገድ ሊሠራ አይችልም፣ ይንከባለላል፤ ልዩነቱን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የለም። ክቡ ስንት ጎን አለው ብሎ ከጠየቀ "ቀጥ ያለ ጎንም ማዕዘንም የለውም" በሉት።

ማዕዘናቸው የተድበለበለ ዕቃዎችን ለቆጠራ አትምረጡ። ብዙ ስልኮች፣ አንዳንድ ትሪዎች፣ ያረጀ ላጲስም እንዲሁ ናቸው። የልጁ ጣት ሹል ሳያገኝ ያልፋል። አዲስ መጽሐፍ ወይም የካርቶን ክዳን ይሻላል።

ችግር፦ በሰውነት የተሠራው ቅርጽ ቅርጽ አይመስልም

ልጆቹ ወለል ላይ ተኝተው ካሬ ሲሠሩ ቁመታቸው ስለሚለያይ ጎኖቹ እኩል አይሆኑም፤ ራስና እግር የሚገናኝበትም ክፍተት ይተዋል። ለካሬ ቁመታቸው የተቀራረበ አራት ልጆች ምረጡ፤ ካልተገኙ ሦስት ማዕዘን አሠሩ፣ እሱ እኩል ጎን አይጠይቅም። የተኙት ቅርጹን አያዩትም፤ ስለዚህ የሚቆጥረው ቆሞ የሚያይ ሌላ ልጅ ነው። ከተኙት አንዱ ተነስቶ ሲያይ በቦታው ገመድ ዘርጉ፣ አለዚያ ተመልካቹ የሚያገኘው ክፍት ቅርጽ ነው።